ከዐሥራ አራት የሥራ ሐሳብ ሁለቱን መምረጥ፦ ጊዜን፣ ገንዘብን፣ ሙያንና ፍላጎትን በነጥብ የመመዘን ዘዴ

የመኸር ሰብል ተሰብስቦ፣ ከፊሉ ጎተራ ከፊሉም ገበያ ከገባ በኋላ በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ወሬ ይነሣል። የተረፈችው ገንዘብ ምን ላይ ትዋል? ጎረቤት በግ አድልቦ ማትረፉን ይናገራል፤ ወንድም ባጃጅ ይሻላል ይላል፤ ልጅ ዶሮ እናርባ ትላለች። ሐሳብ አይጠፋም። የሚጠፋው ከሐሳቦቹ መካከል የትኛው ለዚያ ቤት እንደሚስማማ የሚለይበት መንገድ ነው። በዚህም ምክንያት አብዛኛው ሰው መጨረሻ ላይ የሰማውን፣ ወይም ጎረቤቱ የሠራውን ይዞ ይጀምራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ጥፋቱ የሚታወቀው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

ሐሳቦችን በአራት መመዘኛ፣ ማለትም በጊዜ፣ በገንዘብ፣ በሙያና በፍላጎት ነጥብ ሰጥቶ መለየት ቀላል ዘዴ ነው። የሚጠይቀው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ሁለት ምሽት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በግዴለሽነት ከተሠራ፣ ሰው አስቀድሞ የወደደውን ሐሳብ በቁጥር አስውቦ ለራሱ መልሶ ከማቅረብ የተለየ ጥቅም አይሰጥም። ዘዴው የት ላይ እንደሚረዳና የት ላይ እንደሚያሳስት ለማሳየት በመራዊ ከተማ ዳርቻ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እንውሰድ። ቤተሰቡ ለማስረዳት የታሰበ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዋጋዎችም የዚሁ ቤተሰብ ግምቶች ናቸውና አንባቢ በራሱ ገበያ ዋጋ ሊተካቸው ይገባል።

ቤተሰቡ አባወራ፣ እማወራና የ12ኛ ክፍል ትምህርቷን ያጠናቀቀች ልጅ ያሉበት ነው። ከጤፍና ከበቆሎ ሽያጭ 90 ሺህ ብር ተርፏቸዋል። ከዚህ ውስጥ 30 ሺህውን ለማዳበሪያ፣ ለሕመምና ለክፉ ቀን አስቀምጠው፣ 60 ሺህ ብር ለአዲስ ሥራ ለማዋል ተስማምተዋል። በመስኖ የሚለማ አንድ ቃዳ መሬትም አላቸው።

መጀመሪያ ሁሉንም መጻፍ

በመጀመሪያው ምሽት ሦስቱም የሰሙትንና ያሰቡትን ሁሉ ሳይነቅፉ ጻፉ። በግ ማድለብ፣ በሬ ማድለብ፣ እንቁላል ጣይ ዶሮ፣ ንብ ማነብ፣ የወተት ላም፣ ቀይ ሽንኩርት በመስኖ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የአቮካዶና የቡና ችግኝ፣ የእህል ንግድ፣ ወፍጮ ቤት፣ ባጃጅ፣ እንጀራ ለከተማ ምግብ ቤቶች ማቅረብ፣ የስልክ ጥገናና ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ማክሰል፤ በጠቅላላው ዐሥራ አራት ሐሳቦች ሆኑ።

እያንዳንዱ ሐሳብ ሲጻፍ መጠኑም አብሮ መጻፍ አለበት። “ዶሮ” ብሎ ነጥብ መስጠት አይቻልም፤ ዐሥር ዶሮና አምስት መቶ ዶሮ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና። ስለዚህ ቤተሰቡ “ሃምሳ የ45 ቀን ጫጩት”፣ “አምስት በግ በአንድ ዙር”፣ “ሦስት ዘመናዊ ቀፎ ከነመንጋው” እያለ ጻፈ። የመጠን ነገር ኋላ ላይ ውጤቱን እንዴት እንደሚለውጠው እንመለስበታለን።

ከነጥብ በፊት ማጣራት

ነጥብ መደመር አንድ ድክመት አለው። በአንድ መመዘኛ ፈጽሞ የማይቻል ሐሳብ በሌሎቹ ሦስት ከፍተኛ ነጥብ ካገኘ ድምሩ ያምራል። ባጃጅን ብንወስድ ልጅቱ ትወደዋለች፣ አባወራውም መንዳት ይችላል፤ ነገር ግን በ60 ሺህ ብር አይገዛም። በሙያና በፍላጎት ያገኘው ነጥብ የጎደለውን ገንዘብ አያመጣም። ስለሆነም ከነጥቡ በፊት “ይህን የማያሟላ ወደ ነጥብ አይገባም” የሚባሉ ጥቂት ወሰኖች ይደነገጋሉ።

ቤተሰቡ አራት ወሰኖችን አስቀመጠ። አንደኛ፣ ሥራው ከ60 ሺህ ብር በላይ አይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ሁሉ በአንድ እንስሳ ወይም በአንድ ዕቃ ላይ አይዋል፤ አንዱ ሲሞት ወይም ሲሰበር ሁሉም አብሮ ይጠፋልና። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ገቢ በአንድ ዓመት ውስጥ ይታይ። አራተኛ፣ ሙያው ከሌለ እቤት ሆኖ ወይም ከጎረቤት ሊማሩት የሚቻል ይሁን።

በዚህ ወንፊት ስድስት ሐሳቦች ወደቁ። ወፍጮ ቤት፣ ባጃጅና የተሻሻለ ዝርያ ያላት የወተት ላም ከገንዘቡ በላይ ሆኑ። በሬ ማድለብ በቤተሰቡ ግምት ገንዘቡን ሁሉ በአንድ በሬ ላይ የሚያውል ሆነ። ዲከረንስ በአዊ ብሔረሰብ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ የብዙ ገበሬዎች መተዳደሪያ የነበረ ቢሆንም፣ ለከሰል እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ለዚህ ቤት “ላም አለኝ በሰማይ” ይሆንበታል። የስልክ ጥገና ደግሞ ከቤት ርቆ ወራት የሚፈጅ ሥልጠና ስለሚጠይቅ ወጣ። የወደቁት ሐሳቦች መጥፎ ሥራዎች አይደሉም፤ ወሰኑ ሲለወጥ ሊመለሱ ስለሚችሉ በደብተሩ መጨረሻ ከወደቁበት ምክንያት ጋር ይጻፋሉ።

ነጥቡ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን

ለቀሩት ስምንት ሐሳቦች በእያንዳንዱ መመዘኛ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። በሁሉም መመዘኛ 5 “ለእኛ የሚመች”፣ 1 ደግሞ “ለእኛ የሚከብድ” ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል። ይህን አቅጣጫ መዘንጋት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ለገንዘብ “ብዙ ስለሚጠይቅ 5” ተብሎ ከተሰጠ ድምሩ ተገልብጦ ይወጣል።

የቁጥሮቹ ትርጉም ከሐሳቦቹ ስም በፊት መወሰን አለበት። ቤተሰቡ ለጊዜ እንዲህ ወሰነ፦ በቀን ከአንድ ሰዓት በታች የሚወስድ 5፣ እስከ ሁለት ሰዓት 4፣ እስከ ሦስት ሰዓት 3፣ እስከ አራት ሰዓት 2፣ ከዚያ በላይ 1። ለገንዘብም እስከ 10 ሺህ ብር 5፣ እስከ 20 ሺህ 4፣ እስከ 30 ሺህ 3፣ እስከ 45 ሺህ 2፣ እስከ 60 ሺህ 1። ለሙያ፦ ሠርቶ ሸጦ ያተረፈበት 5፣ ለቤት ፍጆታ የሠራው 4፣ ሌላውን ያገዘበት ወይም ከጎረቤት የሚማረው 3፣ ሥልጠና የሚያስፈልገው 2፣ አይቶት የማያውቀው 1።

ፍላጎት ለመለካት አስቸጋሪ ነው፤ ዛሬ ምሽት ሁሉም ሥራ ይወደዳልና። የሚረዳው ጥያቄ “ትወደዋለህ ወይ?” የሚለው ሳይሆን “ባለፈው ዓመት ማንም ሳያስገድድህ ስለዚህ ሥራ ስንት ጊዜ ጠየቅህ? ስንት ጊዜስ ሄደህ አየህ?” የሚለው ነው። ደጋግሞ ያየና የጠየቀ 4 ወይም 5፣ ግድ የማይሰጠው 3፣ ሥራውን ሲያስበው የሚሰለቸው 2 ወይም 1 ይሰጣል።

ነጥቡን ማን ይስጥ?

ሦስቱም ለየብቻ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ነጥብ ሰጡ። ከዚያም አነጻጸሩ። በብዙዎቹ ሐሳቦች ላይ ልዩነታቸው ከአንድ ነጥብ አልበለጠም። በእንጀራው ላይ ግን ተለያዩ። አባወራው ለጊዜ 4፣ ለፍላጎትም 4 ሰጥቶ ነበር፤ እማወራዋ ግን ለሁለቱም 2 ሰጥታለች።

ልዩነቱ የመጣው ከሥራው ባለቤትነት ነው። እንጀራውን የምትጋግረው እርሷ ናት። አባወራው የቆጠረው ምጣድ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እርሷ የምትቆጥረው ማቡካቱን፣ ማገዶ ማዘጋጀቱን፣ ሌሊት መነሣቱን፣ ለደንበኛ ማድረሱንና ገንዘብ ለመሰብሰብ መመላለሱን ጭምር ነው። ጢሱም አለ። እዚህ ላይ አንድ ደንብ መያዝ ይገባል፦ ለጊዜና ለፍላጎት ነጥብ የሚሰጠው ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ነው። ይህ ደንብ ከሌለ የቤቱ ሥራ ሁሉ ለማይሠራው ሰው ቀላል ሆኖ ይታያል፤ በወረቀት ላይ ያሸነፈው ሐሳብም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በዚሁ መሠረት የእንጀራው ነጥብ እማወራዋ እንደሰጠችው 2 እና 2 ሆኖ ጸደቀ።

የተደበቀው ወጪ

ገንዘብን ስንመዝን የሚቆጠረው የመግዣው ዋጋ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ገቢ እስኪገባ ድረስ ከኪስ የሚወጣው ሁሉ ነው። ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያሳስት የዶሮው ሐሳብ ያሳያል።

ልጅቱ መጀመሪያ ያሰበችው ሃምሳ ጫጩት በ250 ብር ሒሳብ 12 ሺህ 500 ብር፣ ቤትና መመገቢያ 15 ሺህ ብር፣ በድምሩ 27 ሺህ 500 ብር ነው። በመለኪያው መሠረት 3 ነጥብ ያስገኛል። ነገር ግን በ45 ቀኗ የተገዛች ጫጩት እንቁላል መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሞላት ነው። እስከዚያ ድረስ ሦስት ወር ተኩል ያህል ያለ አንድ እንቁላል ትመገባለች፤ አንዷ ወደ 8 ኪሎ ግራም መኖ ትጨርሳለች። ለሃምሳ ዶሮ አራት ኩንታል ማለት ነው። ቤተሰቡ መኖውን በኪሎ 55 ብር ገምቶ 22 ሺህ ብር ሲጨምርበት ጠቅላላው 49 ሺህ 500 ብር ሆነ። ነጥቡም ከ3 ወደ 1 ወረደ።

ለእያንዳንዱ ሐሳብ “የመጀመሪያዋ ብር የምትገባው በየትኛው ወር ነው? እስከዚያ ምን ይበላል?” ብሎ መጠየቅ ይህን መሰል ስሕተት ያስቀራል።

ክብደት መስጠትና መደመር

አራቱ መመዘኛዎች ለሁሉም ቤት እኩል አይደሉም። ገንዘብ ያለው ጊዜ ያጣል፤ ጊዜ ያለው ገንዘብ ያጣል። ስለዚህ ቤተሰቡ 10 ነጥብ ወስዶ ለአራቱ አከፋፈለ፤ ለጊዜ 3፣ ለገንዘብ 3፣ ለሙያ 2፣ ለፍላጎት 2። ይህ ክብደት ይባላል። እያንዳንዱ ነጥብ በክብደቱ ተባዝቶ ይደመራል፤ ከፍተኛው ድምር 50 ነው።

ንብ ማነብን ለአብነት እንሥራው። ሦስት ዘመናዊ ቀፎ ከነመንጋውና ከነዕቃው 25 ሺህ ብር ይፈጃል ብለው ስለገመቱ ለገንዘብ 3 ሰጡ። በአማካይ በቀን ከአንድ ሰዓት በታች ስለሚወስድ ለጊዜ 5፣ አባወራው የጎረቤት ማር ሲቆረጥ ያግዝ ስለነበር ለሙያ 3፣ ስለ ንብ ደጋግሞ ይጠይቅ ስለነበርም ለፍላጎት 4 ሆነ። ጊዜ 5 በ3 ሲባዛ 15፣ ገንዘብ 3 በ3 ሲባዛ 9፣ ሙያ 3 በ2 ሲባዛ 6፣ ፍላጎት 4 በ2 ሲባዛ 8፤ ድምሩ 38 ነው።

የስምንቱ ሐሳቦች ነጥብ በጊዜ፣ በገንዘብ፣ በሙያና በፍላጎት ቅደም ተከተል፣ ከነድምሩ እንዲህ ሆነ፦

- ንብ ማነብ፦ 5፣ 3፣ 3፣ 4፤ ድምር 38
- በግ ማድለብ (አምስት በግ)፦ 4፣ 2፣ 5፣ 3፤ ድምር 34
- የአቮካዶና የቡና ችግኝ፦ 3፣ 4፣ 2፣ 4፤ ድምር 33
- እንጀራ ማቅረብ፦ 2፣ 4፣ 5፣ 2፤ ድምር 32
- እንቁላል ጣይ ዶሮ (ሃምሳ)፦ 4፣ 1፣ 2፣ 5፤ ድምር 29
- ነጭ ሽንኩርት፦ 3፣ 2፣ 4፣ 3፤ ድምር 29
- ቀይ ሽንኩርት፦ 1፣ 3፣ 4፣ 3፤ ድምር 26
- የእህል ንግድ፦ 2፣ 1፣ 3፣ 2፤ ድምር 19

የዶሮው የመኖ ወጪ ተዘንግቶ ለገንዘብ 3 ቢሰጥ ኖሮ ድምሩ 35 ይሆንና በጉን አልፎ ሁለተኛ ይወጣ ነበር። አንድ የተረሳ ወጪ የቤቱን ምርጫ ለመለወጥ ይበቃል።

መጠኑ ሲቀንስ ነጥቡ ይጨምራል

ልጅቱ በውጤቱ አልተደሰተችም። “ሃምሳው ከበዛ ዐሥራ ሁለት ዶሮ እንጀምር” አለች። ሒሳቡ ተሠራ። ጫጩቱ፣ እስኪጥሉ የሚበሉት መኖና አነስተኛ ቤት ከ13 ሺህ ብር በታች ሆነ። ለገንዘብ 4 ነጥብ አገኘ፤ ድምሩም ወደ 38 ወጥቶ ከንቡ ጋር እኩል ሆነ።

ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ መልሱም የዘዴውን ወሰን ያሳያል። አራቱ መመዘኛዎች የሚለኩት “ይህን ሥራ ልንሠራው እንችላለን ወይ?” የሚለውን ነው፤ “ሥራው ምን ያህል ያስገባል?” የሚለውን አይለኩም። ማንኛውም ሐሳብ በበቂ ሁኔታ ካነሰ ለመሥራት ይቀላል፤ ነጥቡም ይጨምራል። ስለሆነም ነጥቡ የጥቅም ወለል ያስፈልገዋል። ቤተሰቡ “በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 15 ሺህ ብር የማያተርፍ ሥራ አይመረጥም” ብሎ ወሰነ።

ዐሥራ ሁለት ዶሮ በቀን ስምንት እንቁላል ቢጥሉና አንዱ በ16 ብር ቢሸጥ 128 ብር ነው። በቀን የሚበሉት 1.4 ኪሎ ግራም መኖ 77 ብር ይፈጃል። በቀን 51 ብር ይቀራል። በመጀመሪያው ዓመት የሚጥሉት ለስምንት ወር ተኩል ያህል ስለሆነ 13 ሺህ ብር ገደማ ይሰበሰባል፤ ከዚህ የጫጩቱና የማሳደጊያ መኖው ወደ 8 ሺህ 300 ብር ሲቀነስ ከ5 ሺህ ብር ያነሰ ይቀራል። ከወለሉ በታች ነው።

በጉ ግን መጠኑ ሲቀንስ ወለሉን አልፏል። አምስት በግ በ7 ሺህ ብር ሒሳብ 35 ሺህ ብር፣ ከመኖና ከመድኃኒት ጋር 41 ሺህ ብር ይፈጃል። ይህ ከንቡ 25 ሺህ ብር ጋር ሲደመር 66 ሺህ ብር ስለሆነ ከተመደበው በላይ ነው። በጎቹ ወደ ሦስት ሲወርዱ ግን ወጪው 25 ሺህ ብር ገደማ ሆነ፤ ለገንዘብ 3 ነጥብ አገኘ፤ ድምሩም 37 ደረሰ። ለእንቁጣጣሽ በሰኔ መጀመሪያ፣ ለገና በመስከረም መጨረሻ፣ ለፋሲካ ደግሞ በጥር የከሱ ወጠጤ በጎች እየገዙ ለሦስት ወር በድርቆሽ፣ በፉርሽካና በፋጉሎ ማድለብ ይቻላል። በአንድ በግ 2 ሺህ ብር ቢተርፍ በዓመት ከሦስቱ ዙር 18 ሺህ ብር ይሆናል። ከሦስቱ ቀፎዎችም በአማካይ 15 ኪሎ ግራም ማር ቢገኝና አንዱ ኪሎ በ400 ብር ቢሸጥ 18 ሺህ ብር ይገባል፤ ለሰምና ለመኖ 2 ሺህ ብር ቢወጣ እንኳ ከወለሉ አይወርድም። ቀፎው የብዙ ዓመት ንብረት ስለሆነ መግዣው ከአንድ ዓመት ማር ላይ አልተቀነሰም፤ የጫጩቱ መኖ ግን ተበልቶ የሚያልቅ ነው።

ውጤቱ ይጸናል ወይስ ይናወጣል?

በ33 እና በ32 መካከል ያለው ልዩነት ትርጉም የለውም። ነጥቡን የሰጠው ሰው ሌላ ቀን ቢሰጥ ኖሮ ሊገለበጥ ይችል ነበር። የሚጸናውን ከሚናወጠው ለመለየት ክብደቱን ለውጦ እንደገና መደመር ይበቃል።

ቤተሰቡ መጀመሪያ ገንዘብን አከበደ፤ ገንዘብ 4፣ ጊዜ 3፣ ሙያ 2፣ ፍላጎት 1። ንቡ 37፣ ሦስቱ በጎች 37፣ እንጀራው 34፣ ችግኙ 33 ሆኑ። ቀጥሎ ፍላጎትን አከበደ፤ ጊዜ 3፣ ፍላጎት 3፣ ገንዘብ 2፣ ሙያ 2። ንቡ 39፣ በጉ 37፣ ችግኙና ሃምሳው ዶሮ እኩል 33፣ እንጀራው 30 ሆኑ። በሦስቱም አቆጣጠር ንብና በግ ከፊት አልጠፉም። የሦስተኛው ቦታ ግን በተለዋወጠ ቁጥር ባለቤቱን ይለውጣል።

ስለዚህ ውሳኔው ግልጽ ሆነ። ንብና በግ በሙሉ መጠን ይጀመራሉ። ከቀረው 10 ሺህ ብር ላይ ደግሞ ጥቂቱ ለሁለት መቶ ችግኝ ሙከራ ይውላል፤ ዓላማውም ትርፍ ሳይሆን ችግኝ መንከባከብን፣ በተለይም አቮካዶ ማዳቀልን መማር ነው።

ከዚህ በተቃራኒ፣ ሁሉም ሐሳብ ከ30 እስከ 34 ባለው ውስጥ ከተጨናነቀ ነጥቡ ምንም አልለየም ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ለሁሉም 3 እና 4 እየተሰጠ መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ በእያንዳንዱ መመዘኛ ቢያንስ አንድ ሐሳብ 1፣ ቢያንስ አንድ ሐሳብም 5 እንዲያገኝ አድርጎ እንደገና መመዘን ይገባል።

የተመረጡት በአንድ ላይ ይስማማሉ?

እያንዳንዱ ሐሳብ ለብቻው ተመዝኗል፤ የሚሠሩት ግን በአንድ ቤትና በአንድ ወር ነው። ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ በዓመቱ ውስጥ ሥራ የሚበዛበትን ወር መፈተሽ ያስፈልጋል። ለዚህ ቤተሰብ ወሩ ኅዳር ነው። ጤፍ ይታጨዳል፤ ማር የሚቆረጠውም አደይ አበባው ካለፈ በኋላ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ነው፤ የገና በጎችም በደጅ ታስረዋል።

በኅዳር አባወራው በቀን ነጻ ሰዓት የለውም። እማወራዋ አንድ፣ ልጅቱ ሦስት ሰዓት አላቸው፤ በድምሩ አራት። ንቡ አንድ፣ በጎቹ ሁለት ሰዓት ይወስዳሉ። ማር የሚቆረጠው በምሽት ስለሆነና ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሚፈጅ ከአጨዳው ጋር አይጋጭም። የችግኙን ከረጢት መሙላት አጨዳው እስኪያልቅ ወደ ታኅሣሥ መጨረሻ አሸጋገሩት። እንጀራው ተመርጦ ቢሆን ኖሮ እስከ አራት ሰዓት ስለሚጠይቅ ከሁለቱ ጋር ሰባት ሰዓት ይደርስ ነበር፤ ኅዳር ላይም አንዱ ሥራ ይወድቅ ነበር።

ነጥቡ የማያየው

ወረቀቱ ንብን አንደኛ አድርጓል። ነገር ግን ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱም የማይጠይቀው ነገር አለ፤ ጎረቤት በመስኖ ሽንኩርት ያለማል፣ ሽንኩርቱን ደግሞ የተባይ መድኃኒት ይረጫል። በአበባ ሰዓት የሚረጭ መድኃኒት መንጋ ይጨርሳል፤ ምልክቱም በቀፎው ደጅ በአንድ ቀን በርካታ የሞቱ ንቦች ተረፍርፈው መታየታቸው ነው። ስለዚህ አባወራው ቀፎ ከመግዛቱ በፊት ጎረቤቶቹን መቼ እንደሚረጩ መጠየቅ፣ ርጭቱ ንብ ወደ ቀፎው በሚገባበት ምሽት እንዲሆን መስማማትና ቀፎዎቹን ከመስኖው ርቆ በሚገኘው ጓሮ ማስቀመጥ ነበረበት። ጎረቤቶቹ ባይስማሙ ኖሮ 38 ነጥብ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

በበጉም እንዲሁ ነው። የበግ መግዣ ዋጋ በዓል ሲቀርብ ይንራል፤ የመኖ ዋጋም ይለዋወጣል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ የተመረጠ ሐሳብ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ሰዎችን መጠየቅ ይገባል፤ ሥራውን ይሠራ የነበረና የተወ አንድ ሰው፣ አሁን የሚሠራ አንድ ሰው፣ ምርቱን የሚገዛ አንድ ነጋዴ። ከሦስቱ ይበልጥ የሚያስተምረው የተወው ሰው ነው። የሚሠራውን ብቻ የጠየቀ የተረፉትን እንጂ የወደቁትን አያይም።

ግምቱን ከእውነቱ ጋር ማስተያየት

ነጥብ የተሰጠበት ደብተር ሥራው ሲጀመር አይዘጋም። ቤተሰቡ ከእያንዳንዱ ግምት ጎን ባዶ ቦታ ትቷል። የመጀመሪያው የበግ ዙር በ90 ቀን ሲያልቅ በእውነት የወጣው ገንዘብና በእውነት የጠፋው ሰዓት እዚያ ይጻፋል። በቀን ሁለት ሰዓት የተባለው ሦስት ሆኖ ከተገኘ የጊዜ ነጥቡ ከ4 ወደ 3 ይወርዳል፤ ድምሩም በሦስት ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ ለሁለተኛው ዙር ይቀጠል ወይስ ይቅር የሚለው በስሜት ሳይሆን በተጻፈው ይወሰናል።

የልጅቱም ዶሮ ከደብተሩ አልተፋቀም። ከአራቱ ነጥቦቿ ዝቅተኛዎቹ ገንዘብና ሙያ ናቸው። ገንዘቡ ከበጎቹና ከማሩ ሊመጣ ይችላል፤ ሙያው ግን ዛሬ ሊጀመር ይችላል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን በሰፈሩ ሃምሳ ዶሮ ወደምታረባ እናት ቤት እየሄደች መኖ አሰጣጡን፣ የክትባት ጊዜውንና በሽታ ሲገባ የሚታየውን ምልክት እንድትማር ተስማሙ። በሚቀጥለው ጥር ሙያዋ ከ2 ወደ 4 ከወጣና የበጉ ትርፍ የተባለውን ያህል ከሆነ፣ ያው ሐሳብ፣ ያው ሃምሳ ዶሮ፣ እንደገና ይመዘናል።